ዘይቱ ሳያልቅ የሚያስጠነቅቅ መዝገብ፦ ለአነስተኛ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በኤክሴል

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳርና በውስጥ ለውስጥ ሰፈሮቹ ከተደረደሩት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ «የአንድ ሊትር ዘይት አለ?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ «አልቋል፣ ነገ ብቅ በል» የሚል መልስ ሲያገኝ ነገን አይጠብቅም። ሃያ እርምጃ ያህል ተራምዶ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይገባል። እዚያም ዘይቱን ብቻ ሳይሆን ሳሙናውን፣ ፓስታውንና ስኳሩን አብሮ ይገዛል። ባለሱቁ ያጣው የአንዲት ጠርሙስ ትርፍ ብቻ አለመሆኑን የሚያውቀው ደንበኛው ሳምንት ሙሉ ሳይመለስ ሲቀር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው እንዲህ ላለው ሱቅ የሚሆን የዕቃ መከታተያ መዝገብ ነው። በከተማችን «ግሮሰሪ» ሲባል ቢራ የሚጠጣበት ቤት ስለሚታሰብ፣ እኛ የምንለው ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ሳሙናና የመሳሰለውን የሚሸጠውን የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ መሆኑ ይታወቅልን። መዝገቡን ለመሥራት ኤክሴል ያለበት አንድ ኮምፒዩተርና በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል።

የኮልፌ ቀራንዮ ባለሱቅ ከሌላው ክፍለ ከተማ ነጋዴ የሚለይበት አንድ ዕድል አለው፤ መርካቶ ቅርቡ ነው። ጠዋት ወጥቶ ከቀትር በፊት ዕቃ ጭኖ መመለስ ይችላል። ይሁን እንጂ ይኸው ዕድል ያዘናጋዋል። «ሲያልቅ እሄዳለሁ» ይላል፤ ሲያልቅ ግን ጅምላ አከፋፋዩም ጨርሶ ይሆናል፣ ወይም በዚያን ቀን ሱቁን የሚጠብቅለት ሰው አይኖርም። ስለዚህ ዕቃው ከማለቁ በፊት «እዘዝ» የሚል ምልክት ያስፈልገዋል።

መዝገቡ ሁለት ገጾች ይኖሩታል። የመጀመሪያውን Items፣ ሁለተኛውን Moves ብለን እንሰይማቸው። Moves ውስጥ በየቀኑ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ ይጻፋል፦ በዓምድ A ቀን፣ በB የዕቃው መለያ፣ በC የገባ፣ በD የወጣ፣ በE ደግሞ የወጣበት ምክንያት። ለሽያጭ S፣ ለተበላሸ ወይም ለጎደለ W ይጻፋል። Items ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ረድፍ ይያዝና ዓምዶቹ እንዲህ ይሆናሉ፦ A መለያ፣ B ስም፣ C መለኪያ፣ D መነሻ ቆጠራ፣ E አሁን ያለው፣ F መደርደሪያው ባዶ የነበረባቸው ቀናት፣ G አማካይ የቀን ሽያጭ፣ H ዕቃው ከታዘዘ በኋላ የሚፈጅበት ቀን፣ I የመዘግየት መጠባበቂያ ቀን፣ J የማዘዣ ልክ፣ K ታዝዞ ያልደረሰ፣ L ማስጠንቀቂያ።

ከሁሉ አስቀድሞ መለኪያው ይወሰን። ዘይት በካርቶን ይገዛል፣ በፍሬ ይሸጣል፤ ስኳር በጆንያ ይገባል፣ በኪሎ ይወጣል። መዝገቡ የሚያውቀው የሚሸጥበትን መለኪያ ብቻ መሆን አለበት። 12 ፍሬ የያዘ ሁለት ካርቶን ሲገባ 24 ተብሎ ይጻፋል፤ 50 ኪሎ የሚይዝ ጆንያም 50 ተብሎ። አንድ ቀን 2፣ ሌላ ቀን 24 የሚጻፍበት መዝገብ ብዙም ሳይቆይ «ያለው ዕቃ ከዜሮ በታች ነው» ማለት ይጀምራል። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ይኸው የመለኪያ መደባለቅ፣ ቀጥሎም ሳይመዘገብ የገባ ዕቃ ነው።

አሁን ያለውን ዕቃ የሚያሰላው ቀመር በItems ገጽ E2 ላይ ይጻፋል፦

```
=D2+SUMIF(Moves!B:B,A2,Moves!C:C)-SUMIF(Moves!B:B,A2,Moves!D:D)
```

አማካይ የቀን ሽያጩ G2 ላይ፦

```
=SUMIFS(Moves!D:D,Moves!B:B,A2,Moves!E:E,"S",Moves!A:A,">="&TODAY()-28,Moves!A:A,"<"&TODAY())/(28-F2)
```

28 ቀን የመረጥነው አራት ሙሉ ሳምንት ስለሆነ ነው። በሠላሳ ቀን ቢሆን አንዳንዱ ወር አምስት ቅዳሜ፣ አንዳንዱ አራት ቅዳሜ እየያዘ አማካዩን ያወዛውዘዋል። የዛሬው ሽያጭ ገና ስላላለቀ አይቆጠርም።

የማዘዣ ልኩ J2 ላይ፣ ማስጠንቀቂያው ደግሞ L2 ላይ ይገባል፦

```
=ROUNDUP(G2*(H2+I2),0)
=IF(E2<0,"ስህተት",IF(E2+K2<=J2,"እዘዝ",""))
```

ቀመሮቹን ወደ ታች ስቦ ለሁሉም ዕቃ ማዳረስ ነው። ምልክቱ በቀለም እንዲታይ ከፈለጉ ከA2 እስከ L200 ያለውን መርጠው በHome ሥር ካለው Conditional Formatting ውስጥ New Rule ይበሉና «Use a formula to determine which cells to format» በሚለው ቦታ ይህን ጽፈው ቀይ ቀለም ይምረጡ፦

```
=$L2="እዘዝ"
```

እስካሁን ያለው የማሽኑ ሥራ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ግን በF ዓምድ፣ ማለትም መደርደሪያው ባዶ በነበረባቸው ቀናት ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

አንድ ሱቅ ባለፉት 28 ቀናት 84 ፍሬ የአንድ ሊትር ዘይት ሸጧል እንበል። 84 ለ28 ሲካፈል በቀን 3 ይሆናል። አከፋፋዩ እንደ ወትሮው በ3 ቀን ያመጣል፤ አንዳንዴ 2 ቀን ይዘገያል። ስለዚህ የማዘዣ ልኩ 3 ጊዜ 5፣ 15 ፍሬ ነው። ነገር ግን ከ28ቱ ቀናት ውስጥ በ7ቱ ሱቁ ዘይት አልነበረውም። ዘይት በነበረባቸው 21 ቀናት የሸጠው በቀን 4 ነው። ትክክለኛው ልክ 4 ጊዜ 5፣ 20 መሆን ነበረበት።

የአምስት ፍሬ ልዩነት ጥቂት ይመስላል። ባለሱቁ 15 ፍሬ ሲቀረው ቢያዝና በቀን 4 ቢሸጥ፣ አራተኛው ቀን ሳይመሽ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። አከፋፋዩ በአምስተኛው ቀን ከደረሰ ባዶ ቀን ተጨመረ ማለት ነው። ባዶው ቀን በሚቀጥለው ወር አማካዩን ይበልጥ ያወርደዋል፤ ልኩም አብሮ ይወርዳል፤ ሱቁም ከፊተኛው ወር ይልቅ ቶሎ ቶሎ ባዶ ይሆናል። ባለሱቁ «የዘይት ገበያ ቀዝቅዟል» ብሎ ያስባል። የቀዘቀዘው ገበያው ሳይሆን የእርሱ መደርደሪያ ነው። F2 ላይ 7 ሲጻፍ ግን ቀመሩ በ21 ያካፍልና ልኩ 20 ይሆናል። ስለዚህ ዕቃ ያለቀበትን ቀን በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ፣ በየሳምንቱም ያለፉትን 28 ቀናት ቆጥሮ F ዓምድን ማስተካከል የመዝገቡ ዋነኛ ሥራ ነው። ዕቃው 28ቱንም ቀን ከጠፋ ቀመሩ በዜሮ ለማካፈል ሞክሮ #DIV/0! ይላል። ያን ጊዜ ልኩን ባለቤቱ ራሱ ይገምታል።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀን ነው። ኤክሴል ቀንን የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ኮምፒዩተሩ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ተደርጎ ከተስተካከለ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ለማለት 28/2/2018 ተብሎ ሲጻፍ የካቲት መጨረሻ በፈረንጆች 2018 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ዓመታት ያለፈው ቀን ስለሚሆን ሽያጩ ከ28 ቀኑ ስሌት ውጭ ይወድቃል። በማግሥቱ 29/2/2018 ሲጻፍ ደግሞ በፈረንጆቹ በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ቀን ስላልነበረ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ በሳጥኑ ግራ በኩል ያስቀምጠዋል። ያለው ዕቃ በትክክል እየተሰላ አማካዩ ብቻ ዜሮ ካሳየ ጥፋቱ እዚህ እንዳለ ይወቁ። መፍትሔው Ctrl እና ; በአንድነት ተጭኖ ኮምፒዩተሩ ራሱ የዛሬን ቀን እንዲጽፍ ማድረግ ነው። የእኛን ቀን ማየት የሚፈልግ ከጎን በሌላ ዓምድ ይጻፈው።

የዕቃው መለያም እንዲሁ በእጅ እየተተየበ መሆን የለበትም። ከመለያው በኋላ አንዲት ባዶ ቦታ ብትገባ ቀመሩ አይቆጥራትም። በData ሥር Data Validation ውስጥ List መርጦ =Items!$A$2:$A$200 ብሎ መስጠት፣ ጸሐፊው ከዝርዝሩ እንዲመርጥ ያደርገዋል።

ሽያጩን ማን ይጽፋል? ማስቲካና ክብሪት ሳይቀር እያንዳንዷን ሽያጭ እመዘግባለሁ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። በእኛ አስተያየት በፍጥነት የሚሸጡ ሠላሳ ያህል ዕቃዎችን መርጦ በየምሽቱ መደርደሪያውን መቁጠር ይሻላል። የትናንቱ ቀሪ ሲደመር ዛሬ የገባው፣ ሲቀነስ የምሽቱ ቆጠራ፣ የቀኑ ሽያጭ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ዘዴ የተሰረቀውንም «ተሸጠ» እንደሚለው መዘንጋት አይገባም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የእያንዳንዱን ዕቃ ሽያጭ ለይቶ የሚያወጣለት ባለሱቅ የመሣሪያውን ቁጥር በS ይጻፍ፤ ከቆጠራው ጋር ያለውን ልዩነት ደግሞ በW። መሣሪያው የማይለይለት ቢያንስ የሳጥኑን ገንዘብ ያስተያይ። የዱቤ ሽያጭም ዕቃው በወጣበት ቀን እንጂ ደንበኛው በወር መጨረሻ በከፈለበት ቀን አይጻፍም። የዱቤ ደብተሩ ገንዘቡን ይከታተላል፤ ይህ መዝገብ የሚከታተለው ዕቃውን ነው።

K ዓምድም ጥንቃቄ ይሻል። 24 ፍሬ ሲታዘዝ K ላይ 24 ይጻፋል፤ ዕቃው ደርሶ Moves ላይ እንደተመዘገበ ወዲያው ይሰረዛል። ካልተሰረዘ መዝገቡ የሌለ 24 ፍሬ አለ ብሎ ስለሚያምን መደርደሪያው ባዶ እየሆነ ዝም ይላል።

አማካዩ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አያውቅም። ክርስቲያንና ሙስሊም ደንበኛ ጎን ለጎን በሚገበያይበት ሰፈር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘይት፣ ምስርና ሽሮ ፍላጎታቸው ይጨምራል፤ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ይወርዳል። በረመዳን ደግሞ ተምር ይፈለጋል። የረመዳን መግቢያ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም በአምናው ቀን መመራት አይቻልም። መዝገቡ ለውጡን አጥርቶ እስኪያይ አራት ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ ጾሙ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የዘይቱን I ዓምድ ከ2 ወደ 4 ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ በምሳሌያችን ልኩ ከ20 ወደ 28 ይወጣል። ለቅቤና ለእንቁላል ደግሞ «እዘዝ» ቢልም አለመስማት ነው። ጾሙ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው የዘይቱ I ወደ 2 ይመለሳል፤ ያለዚያ ገንዘቡ ከፋሲካ በኋላ መደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀመጣል።