«ስድስት ካልመጣ አትነሳም»፦ ስለ ክፍል ውስጥ የዳይስ ጨዋታ ተረትና እውነታ

ቆቃ ላይ ለሚያስተምር ሰው የጨዋታ ሰሌዳ ሐሳብ ሩቅ አይደለም። አዋሽ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው ግድብ ወጥቶ በወንጂ፣ በሶደሬ፣ በመተሐራ፣ በገዋኔና በአሳይታ በኩል ይወርድና ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ይህን ጉዞ ካርቶን ላይ 30 ቤት አድርጎ መሣል፣ ለአራት ልጆች አራት ቆርኪ መስጠትና ሁለት ዳይስ መጨመር ይበቃል። የሚያስቸግረው ሕጉ ነው፤ ሕጉን የሚያበላሹት ደግሞ ከሉዶና ከዳማ ሜዳ ይዘናቸው የምንመጣ ጥቂት እምነቶች ናቸው።

ተረት፦ ዳይስ ለሁሉም እኩል ነው፤ ስለዚህ ጨዋታው ፍትሐዊ ነው።

ዳይሱ እኩል ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ የሚጫወቱት ጊዜ ግን እኩል አይሆንም። «ስድስት ካልመጣ አትነሳም» የሚለውን የሉዶ ሕግ እንውሰድ። በአንድ ውርወራ ስድስት ያለመምጣት ዕድል ከ6 አምስት ነው። ስድስት ጊዜ ተወርውሮ አንድም ጊዜ ያለመምጣቱ ዕድል ወደ 33 በመቶ ይጠጋል። 48 ተማሪ ባለበት ክፍል ስድስት ተራ ካለፈ በኋላም 16 ያህሉ ገና መነሻው ላይ ናቸው ማለት ነው። 40 ደቂቃ ባለው ክፍለ ጊዜ ይህ ልጅን አስቀምጦ ማየት ነው። ሁሉም በመጀመሪያው ውርወራ ይነሳ፤ መጨረሻው ላይም «ልኩ ካልመጣ አትገባም» አይባል። «አንድ ተራ እለፍ» የሚል ቤትንም እኔ አላስገባም፤ የሚያልፈው ልጅ በዚያ ተራ ምንም አይማርምና።

ተረት፦ የሚያስተምረው ዕድል የሌለበት ጨዋታ ብቻ ነው።

ገበጣን እወዳለሁ። ጠጠሩ ሁሉ በግልጽ ይታያል፣ ማሰብም ያስፈልጋል። ግን ዕድል ስለሌለበት ጎበዙ ልጅ ደካማውን ዛሬም ነገም ያሸንፈዋል፤ በሦስተኛው ቀን ደካማው ጨዋታውን ይሸሻል። ዳይስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በስሌት ወደኋላ የቀረው ልጅም ቀን ይወጣለታል።

ተረት፦ ሁለት ዳይስ ወርውሮ አንዱን መምረጥ ከተፈቀደ ምርጫ ገብቷል።

ብዙ ጨዋታ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ የደረሰ ብቻ የሚያሸንፍ ከሆነ ሁሉም ትልቁን ቁጥር ያነሳል፤ የሚመርጥ ይመስላል እንጂ እየመረጠ አይደለም። በአንዱ ቤት ጉማሬ ሥሎ «እዚህ የቆመ ወደ መነሻ ይመለስ» ማለትም አያድንም፤ አስቦ ጉማሬው ላይ የሚቆም ልጅ የለም።

ምርጫ የሚኖረው ትንሹም ቁጥር የሚያስገኘው ጥቅም ሲኖር ነው። ከ30ው ቤት ዘጠኙን የሽንኩርት ማሳ እናድርጋቸው። ማሳ ላይ የቆመ ልጅ የስሌት ጥያቄ ያነሳል፤ በትክክል ከመለሰ አንድ ጆንያ፣ ማለትም አንድ ነጥብ ያገኛል። የመጀመሪያው ልጅ አቤ ሲደርስ ጨዋታው ያበቃል፤ እሱም 2 ነጥብ ይጨመርለታል።

አሁን ቆርኪዋ 11ኛው ቤት ላይ ያለች ልጅ 5 እና 2 ወረወረች እንበል። 5 ወደ 16 ያደርሳታል፤ ባዶ ቤት ነው። 2 ወደ 13 ይወስዳታል፤ ማሳ ነው። ጆንያውን ከፈለገች ሦስት ቤት ትከፍላለች። ገና መጀመሪያ ላይ ከሆኑ 2 ያዋጣታል፤ ጓደኛዋ 26 ላይ ከደረሰ ግን ጨዋታው ሊያልቅ ስለሆነ ነገሩ ያሳስባል። ሁለት ጎበዝ ልጆች እዚህ ላይ ካልተስማሙ ጨዋታው ሠርቷል።

ሽልማቱ 2 የሆነው በግምት አይደለም። ሁልጊዜ ትልቁን የሚያነሳ ልጅ በአማካይ በአንድ ተራ 4.5 ያህል ቤት ስለሚሄድ በ7 ተራ ገደማ ይደርሳል፤ በመንገዱ ላይ ሁለት ያህል ማሳ ያጋጥመዋል። ሁልጊዜ ማሳ የሚፈልግ ደግሞ በእነዚያው 7 ተራዎች ሦስት ወይም አራት ያገኛል። ሁለቱም መልሱን ካወቁ ውጤታቸው ይቀራረባል። ሽልማቱን 5 ብናደርገው ማሳ ላይ የሚቆም አይኖርም፤ ብናጠፋው ደግሞ የሚሮጥ አይኖርም።

ተረት፦ በካርቶን የተሠራ ዳይስም ያው ዳይስ ነው።

ማጣበቂያ የበዛበት ጎን ይከብዳል። 60 ጊዜ ወርውሩት፤ እያንዳንዱ ቁጥር 10 ጊዜ አካባቢ መምጣት አለበት። አንዱ 20 ጊዜ ከመጣ ዳይሱን ጣሉት፤ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው እኩል የታጠፉ ወረቀቶች ከከረጢት እያወጡ መልሶ መክተት ይሻላል።

ጨዋታውን ለክፍሉ ከመስጠታችሁ በፊት አራት ልጆች ያጫውቱት፤ እናንተ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ በእያንዳንዱ ተራ «ትልቅ» ወይም «ትንሽ» የሚል ምልክት አድርጉ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩባቸው 20 ምርጫዎች 18ቱ ትልቁ ከሆኑ ሽልማቱን ቀንሱ ወይም ማሳውን አብዙ። አንድ ልጅ ብቻውን ማሳውን ሁሉ እየዘለለ የሚሮጥ ከሆነ ግን ሰሌዳውን አትንኩ፤ የጥያቄ ካርዶቹን ተመልከቱ። ልጁ የሚሸሸው ማባዛቱን ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ቡድን ቀለል ያሉ ካርዶች አድርጋችሁ እንደገና አጫውቱት።