በየወሩ የሚከፈል የዓመት ውል

የፎቶሾፕ ደንበኛ ሦስት ምርጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ዋጋ፣ በፈለገ ጊዜ የሚያቋርጠው የወር ክፍያ 34.49 ዶላር ነበር። የዓመቱን በአንዴ ለከፈለ 263.88 ዶላር ነበር። ሦስተኛው በወር 22.99 ዶላር ሲሆን፣ ብዙዎችን የሚያሳስተው ይኸኛው ነው።

ክፍያው በየወሩ ስለሚቆረጥ የወር ውል ይመስላል፤ ሆኖም ደንበኛው የፈረመው ለአሥራ ሁለት ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ውስጥ ከሰረዘ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል። ከዚያ በኋላ ካቋረጠ ግን የቀሪዎቹን ወራት ክፍያ ግማሽ ይቀጣል።

አንድ ተማሪ አራት ወር ተጠቅሞ ተወው እንበል። እስካሁን 91.96 ዶላር ከፍሏል፤ የቀሪው ስምንት ወር ግማሽም እንዲሁ 91.96 ነው። በድምሩ 183.92 ዶላር ያወጣል። ውድ የመሰለውን የወር ክፍያ ቢመርጥ ኖሮ 137.96 ይበቃው ነበር። ሁለቱ የሚተካከሉት ስድስተኛው ወር ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሰው፣ ቅጣቱም ተጨምሮ፣ የዓመቱ ውል ይረክሳል።

በአንዴ የከፈለስ? ከ14 ቀን በኋላ ቢሰርዝ አገልግሎቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቀጥልለታል እንጂ ገንዘቡ አይመለስም። ስምንት ወር ያህል የማይጠቀምበት ከሆነ ከስሯል።

የአሜሪካ መንግሥት በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጥያቄ በሰኔ 2024 አዶቤን የከሰሰው ይህን ቅጣት ከደንበኞች ሸሽጓል ብሎ ነው። ስለዚህ አንባቢ ካርዱን ከማስገባቱ በፊት «በየወሩ የሚከፈል» ከሚለው ጎን «ዓመታዊ» የሚል ቃል መኖሩን ይመልከት፤ የ14ኛውን ቀንም ስልኩ ላይ ማስታወሻ ይሙላ።