ሁሉንም የሚችል አገር ከውጭ ለምን ይገዛል?

አንድ አገር ሁለት ዓይነት ዕቃ ቢያመርትና ሁለቱንም ከጎረቤቱ ባነሰ ጉልበት ቢሠራ፣ ከጎረቤቱ የሚገዛው ምን ይኖረዋል? ብዙ ሰው ሳያመነታ «ምንም» ይላል። ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፖለቲካል ኢኮኖሚ መጽሐፉ ሰባተኛ ምዕራፍ ላይ ይህን መልስ በአራት ቁጥሮች አፈረሰው። የለንደን የገንዘብ ገበያ ሀብታም ያደረገው ሰው ነበርና በሒሳብ መጫወት ያውቅበታል።

ለምሳሌነት የመረጣቸው እንግሊዝንና ፖርቱጋልን ነው። ሁለቱ አገሮች በ1703 በተፈራረሙት የሜቱዌን ውል መሠረት የእንግሊዝ የሱፍ ጨርቅ ፖርቱጋል ይገባ ነበር፤ የፖርቱጋል ወይን ጠጅ ደግሞ ከፈረንሳዩ ባነሰ ቀረጥ እንግሊዝ ይሸጥ ነበር። ንግዱ እውነተኛ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ሪካርዶ ለማስረዳት ሲል ራሱ የፈጠራቸው ናቸው። አንድ ጭነት ለማምረት ለአንድ ዓመት የሚያስፈልገው የሠራተኛ ብዛት እንዲህ ነው እንበል፦

| | አንድ ጭነት ጨርቅ | አንድ ጭነት ወይን ጠጅ |
|---|---|---|
| እንግሊዝ | 100 ሰው | 120 ሰው |
| ፖርቱጋል | 90 ሰው | 80 ሰው |

ሰንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ያነበበ ሰው ፖርቱጋል በሁለቱም እንደምትበልጥ ያያል። ጨርቁን በ90 ሰው፣ ወይኑን በ80 ሰው ትጨርሰዋለች። ይህ ፍጹም ብልጫ ይባላል፤ ብዙ አንባቢም እዚህ ላይ ያቆማል። ሪካርዶ ግን ከግራ ወደ ቀኝ፣ እያንዳንዱን አገር ለብቻው እንድናነብ ይፈልጋል። ጥያቄውም ፖርቱጋል አንድ ጭነት ጨርቅ ለመሥራት ስንት ወይን ትተዋለች የሚል ይሆናል። ጨርቁ ላይ የሚውሉት 90 ሰዎች ወይን እርሻው ላይ ቢሠማሩ 1.125 ጭነት ወይን ያወጡ ነበር። የእንግሊዝ 100 ሠራተኞች ግን ወይን ቢሠሩ የሚያወጡት 0.83 ጭነት ብቻ ነው። በሰው ጉልበት ሲለካ የእንግሊዝ ጨርቅ ውድ ነው፤ በቀረው ወይን ሲለካ ግን ርካሽ ነው። አንጻራዊ ብልጫ የሚባለው ይኸው ነው።

ትርፉ የት እንዳለ ለማየት እያንዳንዱ አገር በፊት ከሁለቱም ዕቃ አንዳንድ ጭነት ይሠራ ነበር እንበል። እንግሊዝ 220፣ ፖርቱጋል 170 ሰው ያሠራሉ፤ ድምሩ ሁለት ጭነት ጨርቅና ሁለት ጭነት ወይን ነው። አሁን እንግሊዝ ሰዉን ሁሉ ወደ ጨርቅ፣ ፖርቱጋል ወደ ወይን ያዙሩ። የእንግሊዝ 220 ሠራተኞች 2.2 ጭነት ጨርቅ፣ የፖርቱጋል 170 ደግሞ 2.125 ጭነት ወይን ያወጣሉ። አንድ ሰው አልተጨመረም፣ አዲስ ማሽን አልገባም፤ ሁለቱም ዕቃ ግን በዛ። አንድ ጭነት ጨርቅ በአንድ ጭነት ወይን ቢለዋወጡ እንግሊዝ ከቀድሞው 0.2 ጭነት ጨርቅ፣ ፖርቱጋል 0.125 ጭነት ወይን ይተርፋቸዋል።

አንድ ለአንድ መሆኑ ግን ግዴታ አይደለም። አንድ ጭነት ጨርቅ ከ0.83 እስከ 1.125 ጭነት ወይን ባለው መካከል በየትኛውም ዋጋ ቢሸጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ዋጋው ወደ ታች በቀረበ ቁጥር ትርፉ ወደ ፖርቱጋል፣ ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር ወደ እንግሊዝ ያደላል። የት ላይ እንደሚቆም ሪካርዶ አልነገረንም። ያንን ክፍተት የሞላው ጆን ስቱዋርት ሚል ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው አንዱ የሌላውን ዕቃ ምን ያህል እንደሚፈልግ ነው አለ።

እስካሁን ያለው ለተማሪ ሁሉ የሚነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ማብራሪያም ይዘለዋል። ነጋዴ ወደ ገበያ ሲወጣ 0.83 የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያየው ዋጋ ነው። የፖርቱጋል ጨርቅ ባነሰ ሰው እየተሠራ የሊዝበን ነጋዴ የለንደኑን ለምን ይገዛል?

መልሱ ደመወዝ ውስጥ ነው። ሌላውን ወጪ እንተወውና የአንድ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ በሁለቱም አገር 10 ፓውንድ ነው እንበል። የእንግሊዝ ጨርቅ 1,000፣ ወይኗ 1,200 ፓውንድ ይወጣባቸዋል፤ የፖርቱጋል ደግሞ 900 እና 800። ሁሉም ሰው ሁለቱንም ዕቃ ከፖርቱጋል ይገዛል። ይህ ግን አይዘልቅም። የእንግሊዝ ወርቅ ወደ ሊዝበን ይጎርፋል፤ እዚያ ዋጋና ደመወዝ ይወጣል፣ እንግሊዝ ውስጥ ይወርዳል። የእንግሊዙን 10 ላይ እንያዘውና የፖርቱጋሉ 12 ፓውንድ ደረሰ እንበል። አሁን የፖርቱጋል ጨርቅ 1,080 ፓውንድ ነው፤ የእንግሊዙ 1,000። ወይኑ ግን በፖርቱጋል 960፣ በእንግሊዝ 1,200 ነው። የሊዝበኑ ነጋዴ ስለ ንድፈ ሐሳቡ ሰምቶ ባያውቅም ጨርቁን ከለንደን ያስመጣል። ደመወዙ እስከ 16 ፓውንድ ቢዘል ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ ሁለቱም ዕቃ በእንግሊዝ ይረክሳል፣ ወርቁም ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የፖርቱጋል ደመወዝ ከእንግሊዙ ከ1.11 እስከ 1.5 እጥፍ ባለው መካከል ይውላል። የበለጠ የሚያመርት ሠራተኛ የበለጠ ይከፈለዋል፤ ያነሰ የሚያመርተው ደግሞ በደመወዙ ማነስ ገበያ ያገኛል። «ርካሽ ጉልበት ያለው አገር ሁሉንም ይወስድብናል» የሚለውም ሆነ «ኋላ ቀር አገር ምንም ሊሸጥ አይችልም» የሚለው ስጋት ይህችን ስሌት ይዘላታል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ማክዱጋል የሚባል ኢኮኖሚስት በ1951 ባወጣው ጥናት የ1937ን የአሜሪካና የብሪታንያ ኢንዱስትሪዎች አነጻጽሯል። የአሜሪካ ሠራተኛ ደመወዝ የብሪታንያውን እጥፍ ያህል ነበር። እንግዲህ በሪካርዶ ሒሳብ አሜሪካ በውጭ ገበያ የምትበልጠው ሠራተኛዋ ከእጥፍ በላይ በሚያመርትበት ዕቃ መሆን አለበት፤ አንድ ተኩል እጥፍ ማምረቱ አይበቃም። ውጤቱም ባብዛኛው እንዲሁ ሆነ። ሠራተኛዋ ከእጥፍ በታች በሚያመርትባቸው ዘርፎች፣ ከብሪታንያ እየበለጠች እንኳ ገበያውን የያዘችው ብሪታንያ ነበረች።

ሰንጠረዡ የማያሳየው ነገርም አለ። 90ው የፖርቱጋል ሸማኔዎች በአንድ መስመር ወደ ወይን እርሻ ተሻግረዋል፤ መሬትም፣ ሙያም፣ የቤተሰብ መፈናቀልም የለም። የአገሩ ድምር መጨመሩ የሸማኔውን ኪስ አይሞላም፤ ከትርፉ ላይ ተቆርሶ ካልተካሰ በቀር ተጎጂ ነው። የሁለቱ አገሮች ንጽጽር እኩል ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ እንግሊዝ ለጨርቅ 135 ሰው ቢያስፈልጋት፣ ሁለቱም ቦታ አንድ ጨርቅ 1.125 ወይን ያስቀራል፤ የሚገኝ ትርፍ የለም፤ የመርከብ ኪራዩ ኪሳራ ነው።

ከሁሉ የሚከብደውን ገደብ የተናገረው ግን ሪካርዶ ራሱ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው ገንዘብና ሠራተኛ ድንበር የማይሻገሩ ከሆነ ነው። የእንግሊዝ ባለሀብት ገንዘቡን እንደልቡ ወደ ፖርቱጋል ማዛወር ቢችል፣ ጨርቁም ወይኑም እዚያው ቢሠራ ይሻለዋል፤ ሁለቱም ባነሰ ሰው ይወጣሉና። ሪካርዶ ይህን አልሸሸገም። ባለሀብቶች ግን አገራቸውን ጥለው፣ በማያውቁት መንግሥትና ሕግ ሥር ገብተው ከመነገድ ይልቅ አነስ ባለ ትርፍ አገራቸው መቅረትን ይመርጣሉ አለ፤ ይህ ስሜታቸው ሲላላ ማየትም እንደሚያሳዝነው ጻፈ።