ለአንድ ዘፈን ስንቴ ይከፈላል?

በነፃው ዩቲዩብ ዘፈን የሚሰማ ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ መንገዱን መቀጠል አይችልም። ስክሪኑ ሲጠፋ ዘፈኑም ስለሚቆም ስክሪኑ በርቶ፣ ክሊፑም እየሄደ መቆየት አለበት። ማንም የማያየው ምስል ግን ዳታ ይበላል። በ480p ጥራት የሚታይ ክሊፕ በደቂቃ ከ5 እስከ 8 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ድምፁ ለብቻው ቢመጣ ለዚያው ደቂቃ 1 ሜጋባይት ያህል ይበቃው ነበር።

ልዩነቱን የሚወስነው ቢትሬት የሚባለው ቁጥር ነው፤ ይኸውም በየሰከንዱ የሚላከው የመረጃ መጠን ነው። 128 ኪሎቢት ማለት ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 16 ኪሎባይት ስለሆነ፣ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን 5 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ያው ዘፈን በ320 ኪሎቢት 12 ሜጋባይት ይደርሳል። ስፖቲፋይ ላይ ጥራቱን Low ያደረገ ሰው ደግሞ በ24 ኪሎቢት ስለሚሰማ 1 ሜጋባይት እንኳ አያወጣም። ያን ጊዜ ግን የማሲንቆው ስለት ይደበዝዛል፣ ሲምባሉም የውሃ ድምፅ ይመስላል። ለንግግር ይበቃል፤ ለሙዚቃ ግን ያሳዝናል።

በሳምንት 1 ጊጋባይት የምትገዛ፣ በቀን አንድ ሰዓት ሙዚቃ የምትሰማ ተማሪ እንውሰድ። በዩቲዩብ ከሰማች በደቂቃ 6 ሜጋባይት ስትከፍል ጥቅሉ በሦስተኛው ቀን ያልቃል። ድምፅ ብቻ በሚልክ መተግበሪያ በ128 ኪሎቢት ብትሰማ ሳምንቱን ሙሉ 400 ሜጋባይት ገደማ ይበቃታል። ይህም ቢሆን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው በየቀኑ አዲስ ዘፈን አይሰማም። የምትደጋግማቸው 40 ዘፈኖች ናቸው እንበል። እያንዳንዳቸው 5 ሜጋባይት ቢሆኑ ጠቅላላው 200 ሜጋባይት ነው። አንዴ በዋይፋይ ወይም ዋጋው ቀነስ ባለ የሌሊት ጥቅል ካወረደቻቸው፣ ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ብትሰማቸውም የምትከፍለው ዳታ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በስፖቲፋይ ወይም በዩቲዩብ ሙዚቃ ክፍያ ፈጽመው የሚያወርዱት ዘፈን ተራ ፋይል አይደለም። ተቆልፎ የሚቀመጥ በመሆኑ ሌላ ማጫወቻ አይከፍተውም፣ ለጓደኛም አይላክም። ስልኩ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ካላገኘ መጫወት ያቆማል። የወር ክፍያው ሲቋረጥ ወይም መተግበሪያው ሲጠፋ ያወረዱት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የሚከፈለው ዘፈኑን ለመስማት ፈቃድ እንጂ ለዘፈኑ ለራሱ አይደለም። ዘፋኙ ከእያንዳንዱ ማዳመጥ ድርሻ ስለሚያገኝ ግን ክፍያው ከንቱ አይደለም።

ቴሌግራምም የራሱ ወጥመድ አለው። በቻናል የተላከ ዘፈን ተጭኖ ሲወርድ የተቀመጠ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚቆየው በቴሌግራም ካሽ ውስጥ ነው። ስልኩ ሞልቶ Clear Cache የተጫነ ዕለት፣ ወይም የማቆያው ጊዜ ሲያልፍ ይጠፋና እንደገና በዳታ ይወርዳል። አንድሮይድ ላይ የዘፈኑን ሦስት ነጥብ ነክቶ Save to Music ማለት ፋይሉን ወደ ስልኩ የሙዚቃ ማህደር ይገለብጠዋል። በቅንብሩም በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳያወርድ ማጥፋት ይገባል፤ ካልሆነ በየቡድኑ የሚላከው ሁሉ ሳይጠየቅ ይወርዳል።

ፋይሉ በእጅ ከገባ በኋላ የሚያስፈልገው ቀላል ማጫወቻ ብቻ ነው። ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ስክሪኑ ጠፍቶም ያጫውታል፣ የሚያቅተው የፋይል ዓይነትም ጥቂት ነው። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ 3,000 ገደማ ዘፈን ይይዛል። አንዳንድ ነፃ ማጫወቻዎች ግን ዘፈኑ ስልኩ ላይ እያለ ማስታወቂያ ለማምጣት ዳታ ይጠቀማሉ። ይህን ለማወቅ ወደ ስልኩ የዳታ አጠቃቀም ገብቶ የማጫወቻውን ስም መፈለግ ነው። እዚያ ሜጋባይት ከተመዘገበበት ይቀየር።

ሙዚቃ ቤት ሄዶ በፍላሽ ማስጫን ዳታ አይፈልግም፤ ሆኖም ዘፋኙና የዜማው ደራሲ ከዚያ ምንም አያገኙም። የሚወዱትን አልበም በሕጋዊ መንገድ መግዛት የሚቻል ከሆነ ይገዛ፤ አዲስ የወጣውን ለመቅመስ ደግሞ ድምፅ ብቻ የሚልክ መተግበሪያ በዝቅተኛ ጥራት ይበቃል።

ዘፈኑ በእርግጥ ስልክዎ ላይ መኖሩን የሚጠራጠሩ ከሆነ፣ ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት የአውሮፕላን ሁነታን አብርተው ያጫውቱት። ዝም ካለ እስካሁን የሚሰሙት በዳታ ነው።