መብራት ላይ የሚሰምጥ ፍሬን

ቀይ መብራት ላይ ቆመዋል። እግርዎ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ይዟል፣ አልተነቃነቀም። ፔዳሉ ግን ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ለቀቅ አድርገው ደግመው ሲረግጡት ቦታው ይገኛል፤ ብዙው ሾፌርም በዚህ ተጽናንቶ ይነዳል።

ዘይት የሚጎድል ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ የጎማዎቹን የውስጥ ጎን ማየት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበቱ ይታያል። የሚያስቸግረው ጠብታ ሳይኖር የሚሰምጠው ነው። ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፍሬን ማስተር ነው። ፔዳሉን ሲረግጡ በማስተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ይገፋል፤ ጎሚኒዎቹም የፍሬን ዘይቱን ከፊታቸው አፍነው ግፊቱን ወደ ጎማዎቹ ይሰዳሉ። ጎሚኒው ካረጀ ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ከዛገ ዘይቱ በጠርዙ ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከመኪናው ስላልወጣ መያዣው አይጎድልም።

በኃይል ሲረግጡ ደግሞ ግፊቱ ራሱ የጎሚኒውን ከንፈር ከግድግዳው ጋር ስለሚያጣብቀው ፔዳሉ ጸንቶ ሊቆም ይችላል። መካኒኩ አንዴ ደርግሞ ረግጦ «ደህና ነው» ቢልዎ እንግዲህ አይመኑት። ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን መብራት ላይ እንደሚይዙት በለስላሳው ይዘው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። መውረዱን ካላቆመ ጥርጣሬው ትክክል ነው። ፍሬን ይዘው ሞተር ሲያስነሱ ፔዳሉ ትንሽ ወረድ ብሎ ቢቆም ግን ሰርቮው ሥራውን መጀመሩ ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ልል ሆኖ፣ ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ ብሎ የሚጠነክርና ሲይዙት የማይሰምጥ ፔዳል አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቶበታል። እሱ አየሩ ሲወጣ ይስተካከላል። ሁለቱን ማምታታት ግን ዋጋ ያስከፍላል።

የጎረቤቴ አሮጌ ኮሮላ የደረሰበት ይኸው ነው። ጋራዡ አየር ነው ብሎ ፔዳሉን እስከ ወለሉ እያስረገጠ አየር አስወጣ። በማግስቱ ፍሬኑ ባሰበት። ፒስተኑ በየቀኑ የሚመላለሰው በሲሊንደሩ የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዝገትና ዝቃጭ ይይዛል። እስከ ጥግ ሲገፋ ያረጀው ጎሚኒ እዚያ ላይ ተፋቀ። በአሮጌ መኪና አየር ሲያስወጡ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ቢያስቀምጡ ይህ አይደርስም።

ግድግዳው ከተበላ ጎሚኒ ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ማስተሩ በሙሉ ይቀየር። መያዣው ክዳን ላይ የተጻፈውን የዶት ቁጥር አይተው ዘይቱን ይግዙ፤ የሞተር ዘይት ግን ጎሚኒውን ስለሚያሳብጠው ጠብታም አይግባበት። ፔዳሉ እየሰመጠ ከሆነ ጋራዥ ድረስም ቢሆን አይንዱት፤ መኪናውን አስጭነው ይውሰዱት።