የቤተሰብ ስልክ፦ ቀድሞ መክፈል ወይስ በወር መጨረሻ?

አራት ስልክ ያለው ቤተሰብ እንውሰድ፤ እናት፣ አባትና ሁለት ተማሪ ልጆች። ለስሌት እንዲመች፣ እናት በቅድመ ክፍያ ቁጥሯ የ30 ቀን፣ 6 ጊጋባይት ጥቅል በ300 ብር ገዛች እንበል። አንዱ ጊጋ 50 ብር ወጣበት። ቀኑ ሲያልቅ 2 ጊጋ ከተረፈና ከጠፋ፣ 100 ብር ባከነ ማለት ነው። በዓመት 1,200 ብር ይሆናል።

ትርፉ ወደሚቀጥለው ወር የሚተላለፈው ብዙውን ጊዜ ያንኑ ጥቅል ጊዜው ሳያልፍ ሲያድሱት ነው። በማግስቱ መግዛት አያድነውም። ስለዚህ ደንቡን ከመግዛት በፊት ማንበብ፣ የማብቂያውን ቀንና ሰዓትም መመዝገብ ይበጃል። በየወሩ የሚተርፍ ከሆነ ግን መፍትሔው አነስ ያለ ጥቅል ነው።

ጥቅሉ ቀድሞ ሲያልቅ ደግሞ ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ ዋናውን ሂሳብ በመደበኛ ታሪፍ ሊበላ ይችላል። ካርድ በሞሉ በሰዓታት ውስጥ ሂሳቡ ከተሟጠጠ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

ድህረ ክፍያ ላይ ይኸው ጉዳት የሚታየው በወሩ መጨረሻ፣ ቢሉ ሲመጣ ነው። በዚህ ምክንያት ለልጆች ቁጥር አልመክረውም፤ በቅድመ ክፍያ ሂሳባቸው ሲያልቅ ወጪውም ይቆማል። መስመሩ እንዳይቋረጥበት ለሚሠራ አባት ግን ድህረ ክፍያ ይስማማል፤ ሲመዘገብ የወር ወጪ ጣሪያ እንዲበጅለት ይጠይቅ።