ብረቱ የት ላይ ደረሰ?

ማስል አፕ መሥራት ያማረውን ወጣት ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፑል አፕ ትሠራለህ?» ብሎ ነው። ነገር ግን 15 ፑል አፕ የሚሠራው ሰው ብረቱ ሥር ሲታገል፣ 10 የሚሠራው ጓደኛው ብረቱ ላይ ወጥቶ ክርኑን ዘርግቶ ሲቆም ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ሁለቱን የሚለያቸው ቁጥሩ ሳይሆን ከፍታው ነው። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ በሙሉ ኃይልህ ስትስብ ብረቱ ሰውነትህ ላይ የት ይደርሳል?

አገጭ ላይ ከቀረ ገና ነው። ደረት ከነካ ተቃርቧል። ከደረት በታች፣ የጎድን አጥንት የሚያልቅበት አካባቢ ከደረሰ ግን የቀረው ብልሃት ብቻ ነው። ይህን በግምት መወሰን አያዋጣም። ስልክን በጎን በኩል አስደግፎ መቅረጽና ምስሉን ከፍተኛው ቦታ ላይ አቁሞ ማየት ይሻላል፤ ብዙ ሰው ደረቴ ነካ ያለው ብረት አንገቱ ሥር ሆኖ ያገኘዋል።

ከከፍታው ጎን መሟላት ያለበት ጉልበትም አለ። ለመነሻ ያህል ሳይወዛወዙ 10 ፑል አፕ፣ ደረትን እስከ ብረቱ የሚያደርስ 5 ፑል አፕ፣ በሁለት ትይዩ ብረቶች መካከል 15 ዲፕስ ጥሩ መለኪያ ነው። የሚረሳው ግን በራሱ በአግዳሚው ብረት ላይ የሚሠራው ዲፕስ ነው። ሰው ብረቱን ሲሻገር የሚያርፈው ደረቱ ብረቱን ነክቶ፣ ክርኑ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ከዲፕሱ እጅግ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ 8 ጊዜ መግፋት የማይችል ሰው፣ ቢሻገርም እዚያው ተጣብቆ ይቀራል።

8 ፑል አፕና 12 ዲፕስ የሚሠራ፣ በአግዳሚው ላይ ዲፕስ ሞክሮ የማያውቅ ወጣት እንውሰድ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ሰኞ የከፍታ ቀን ነው፤ ሰውነቱን ካሟሟቀ በኋላ ባለ በሌለ ኃይሉ 3 ጊዜ ይስባል፣ 3 ደቂቃ ያርፋል፣ እንዲህ እያለ 5 ዙር ይሠራል። ዕረፍቱ የረዘመው በስንፍና አይደለም፤ የደከመ ጡንቻ ፍጥነት አያወጣም። ብረቱ የሚደርስበት ቦታ ከመጀመሪያው ዙር በግልጽ ዝቅ ካለ የዕለቱ ሥራ አብቅቷል። ረቡዕ የጉልበት ቀን ነው፤ ቀስ ያለ ፑል አፕ በ5 በ5 አራት ዙር፣ ቀጥሎ በአግዳሚው ላይ ዲፕስ። 5ቱ ሲቀልለት የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ይጨምራል።

ቅዳሜ መሻገርን ይለማመዳል። ለዚህ ደረቱ ጋ የሚደርስ ዝቅተኛ ብረት ይመረጣል። እግሩን መሬት ላይ አድርጎ በትንሹ እየዘለለ ይሻገራል፤ ከላይ ሆኖ ደግሞ እስከ 5 እየቆጠረ በዝግታ ይወርዳል። እዚህ ላይ የሚማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቀጥታ ወደ ላይ የሚስብ ሰው ደረቱን ከብረቱ ጋር ያጋጫል፤ ስለዚህ ሰውነት ከብረቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ይወጣና በላዩ ይዞራል፣ እጅም ብረቱን ወደ ወገብ የሚያወርድ ያህል ይስባል። ሁለተኛው፣ የእጅ አንጓ ከሰውነት ጋር አብሮ ወደ ብረቱ አናት መዞር አለበት። ብረቱን አንቆ የያዘ እጅ አይዞርም።

በጣም የተለመደው ጥፋት አንዱን ክርን አስቀድሞ፣ ሌላውን አስከትሎ መውጣት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ተሳክቷል፤ ግን የሰውነቱ ክብደት ለቅጽበት በአንድ የተጠማዘዘ ትከሻ ላይ ይወድቃል። መነሻው ብዙ ጊዜ የከፍታ ማነስ ስለሆነ መድኃኒቱ የሰኞው ሥራ ነው። ክርንም ሊጠበቅ ይገባዋል። ጠዋት ጀበና ሲያነሱ የክርን ውስጠኛው ጎን ጠቅ ካደረገ ጅማቱ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ መሳቡ ይቀነሳል፣ ሕመሙ ካልለቀቀ ሐኪም ያየዋል። በየአራተኛው ሳምንት ሥራውን በግማሽ መቀነስም ለዚሁ ይረዳል።

የብረቱ ነገር እንዳይዘነጋ። በር መቃን ላይ የሚገጠመው ከላይ ቦታ የለውም፤ የኳስ ጎል አግዳሚ ደግሞ ለመጨበጥ ይወፍራል፣ መሬት ላይ ካልተተከለም ይገለበጣል። 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ የማይሽከረከርና የማይነቃነቅ ቧንቧ ይበቃል።

መለኪያዎቹ ሲሟሉ፣ ያ ደግሞ ለዚህ ወጣት ጥቂት ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ሙከራው ከአንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን በኋላ ሰኞ፣ ከሌላው ሥራ በፊት ይደረጋል። ከ5 ሙከራ አይለፍ። ካልሆነ በዚያው ዕለት ወደ ከፍታው ሥራ ይመለሳል፤ ከሆነም የተቀረጸውን ከፍቶ ሁለቱ ክርኖች እኩል መሻገራቸውን ያያል።